165 ፊደል ለማያውቁት ሰው

የእህቴ ልጅ ይርጋጨፌ አካባቢ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራለች። ጥምቀት ሊደርስ ሲል ሥራው ቀዝቀዝ ስላለላት አዲስ አበባ መጣች። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ስንጨዋወት ስልኳን አቀበለችኝና «አጎቴ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ፤ ምን አጠፋሁ?» አለች።

ሊንክድኢን ላይ የላከችው የትውውቅ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የቅምሻ ክፍል ኃላፊ ለሆነ ሰው ነበር የጻፈችው። ጥያቄው ከተላከ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ሰውየው አልተቀበለም፣ እምቢም አላለም። አብራው የላከችው ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? በቡና ጥራት ዘርፍ የ4 ዓመት ልምድ ያለኝ ታታሪ ባለሙያ ነኝ። ፕሮፋይልዎን ተመልክቼ እጅግ አድንቄዎታለሁ። ኔትወርኬን ለማስፋት እየሠራሁ ስለሆነ ጥያቄዬን ቢቀበሉኝ ለሁለታችንም ጠቃሚ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሲቪዬን መላክ እችላለሁ?»

ጨዋ ጽሑፍ ነው። ስድብ የለበት፣ የፊደል ግድፈት የለበት። ሆኖም አንብቤ ስጨርስ ስለ ልጅቷ የማውቀው ነገር አንድም አልጨመረም፤ ያሳደግኳት እኔ እንኳ ልጅቷን አላገኘኋትም። «ቡና» የምትለዋን ቃል አውጥታችሁ «ባንክ» ብትተኩባት ጽሑፉ ያለ ምንም ችግር ይቀጥላል። «ሲሚንቶ» ብትሉም ይሄዳል። ለአንድ ሺህ ሰው ሊላክ የሚችል ጽሑፍ ደግሞ፣ የሚቀበለው ሰው ለአንድ ሺህ ሰው እንደተላከ አድርጎ ያነበዋል።

«ይሄ የደላላ ወሬ ይመስላል» አልኳት። ተቆጣች። «ምን ሸጥኩ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ዕቃ አልሸጠችም። የሸጠችው ራሷን ነው። ሰው ደግሞ ልብሱን የሚያዞረውንና ራሱን የሚያዞረውን ሻጭ በአንድ ዓይን ነው የሚያየው፤ ሁለቱም ሳይጠሩ በር ያንኳኳሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚታይ ለመረዳት ማስታወሻው የት እንደሚያርፍ ማሰብ ይጠቅማል። ሰውየው ጥያቄውን የሚያየው ምናልባት ታክሲ ውስጥ፣ ምናልባት ስብሰባ መሃል፣ በስልኩ ነው። ከላይ የልጅቷ ፎቶና ስም አለ። ከስሟ ሥር ስለ ሥራዋ ራሷ የጻፈቻት አንዲት መስመር አለች። ሁለቱም የሚያውቁት ሰው ካለም ይታያል። ማስታወሻው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከጎኑ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንደኛው «Accept»፣ ሌላው «Ignore» ይላል። ሁለተኛውን ከነካ ላኪዋ እንደተናቀች የሚነግራት መልእክት አይደርሳትም። ብሎ ብሎ «I don't know this person» የሚለውን ከመረጠ ደግሞ ነገሩ ወደ ቅሬታ ይጠጋል፤ እንዲህ ያለው የበዛበት ሰው ከዚያ በኋላ ጥያቄ ለመላክ የተቀባዩን ኢሜይል አድራሻ እስከመጠየቅ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ ስሟና ሥራዋ ከላይ ተጽፎ ሳለ፣ «በቡና ጥራት ዘርፍ ባለሙያ ነኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ሰውየው ከአንድ ሰከንድ በፊት ያነበበውን ይደግምለታል። ያውም ቦታው ጠባብ ነው። ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ ሊንክድኢን ለማስታወሻው የሚፈቅደው 200 ፊደል ነው፤ ለሚከፍል 300። ክፍት ቦታውና ነጥቡ ሁሉ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ያልታሰበ ጥቅም ይሰጠናል። እያንዳንዱ ፊደላችን፣ ካዕብም ይሁን ሳልስ፣ እንደ አንድ ይቆጠራል። ይርጋጨፌ በእኛ አምስት ፊደል ነው፤ በላቲን በተለመደው አጻጻፍ 11 ይሆናል። ኢትዮጵያ አምስት፣ በላቲን ስምንት። በዚያ ላይ ማድረጉንም፣ አድራጊውንም፣ የተደረገለትንም በአንዲት ግሥ መጠቅለል እንችላለን፤ «ጻፍኩልዎ» ብሎ ማለት ለሌላው ቋንቋ አራት ቃል ነው። ስለዚህ ሰውየው በአማርኛ የሚጽፍ ከሆነ በአማርኛ መጻፉ ቦታ ያተርፋል። ገጹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ከሆነና ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ከጻፈ ግን በዚያው መመለስ ይሻላል፤ የሚጠቀምበት ቋንቋ ምርጫውን ይነግረናልና።

አማርኛ ያተረፈልንን መልሰን የምናጠፋውም በአማርኛ ልማድ ነው። ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ይወስድ ነበር፤ ጤናው ተጠይቆ፣ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ የኛም ደኅንነት በፈጣሪ ስም ተነግሮ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እኔ ያንን ልማድ እወደዋለሁ። 200 ፊደል ላይ ግን አይሠራም። «ጤና ይስጥልኝ» ከነክፍት ቦታዋ ስምንት ፊደል ናት፤ ከበቂ በላይ ናት። ከዚያ ቀጥሎ የሰውየው ስም፣ ማዕረግ ካለውም ማዕረጉ፣ ከዚያ ጉዳዩ። «እንደምን ሰነበቱ» ለሚተዋወቁ ሰዎች ነው፤ ያልተዋወቁት ሰው የት ያውቁታልና እንዴት እንደሰነበተ ይጠይቁታል። አክብሮቱን የሚሸከመው «እርስዎ» ነው፤ እሱ ደግሞ በግሡ ውስጥ ገብቶ ምንም ቦታ አይወስድም። በነገራችን ላይ ለማያውቁት ሰው «አንተ» ብሎ መጻፍ ዘመናዊነት የሚመስላቸው አሉ። ተቀባዩ ራሱ «አንተ» ብሎ እስኪጀምር መጠበቅ ምን ይጎዳል?

ልጅቷ አሁን ለሌላ ሰው ልትጽፍ ነው የመጣችው። ይህኛው በሌላ ላኪ ድርጅት የጥራት ኃላፊ ነው፤ በዕድሜም ከእሷ ይበልጣል፤ ሊንክድኢን ላይ አልፎ አልፎ በአማርኛ ስለ ቡና ዝግጅት ይጽፋል። «ምን ወደድሽለት?» አልኳት። «ሁሉንም» አለች። እንዲህ ያለ መልስ ወደ ማስታወሻው ሲገባ «ፕሮፋይልዎን አድንቄያለሁ» ሆኖ ይወጣል። «ከጻፈው ውስጥ አንዱን አምጪ» አልኳት። ስልኩን ፈልጋ አወጣች።

ሰውየው ከጥቂት ሳምንት በፊት የጻፈው የታጠበ ቡና ቀትር ላይ ስለመሸፈን ነው። ጉዳዩ ቡና ለማያውቅ አንባቢ ይህን ይመስላል፦ እሸቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ ከነገለባው ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ቀናት ይወስዳል። ፀሐይ ሲከር ሳይሸፈን ከቀረ ከላይ ያለው ገለባ ከውስጡ ፍሬ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ያ ሲሆን ፍሬው ይጋለጣል፣ ጣዕሙም ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ በቀትር ሰዓታት ይሸፈናል። ሰውየው ይህን ካብራራ በኋላ ብዙ ጣቢያ ዘግይቶ ነው የሚሸፍነው ብሎ ነበር።

«እናንተ ስንት ሰዓት ትሸፍናላችሁ?» አልኳት።

«ከ5 ሰዓት ጀምሮ። ድሮ 6 ሰዓት ነበር፤ ላይኛው ረድፍ ሲሰነጠቅብን ወደ 5 አመጣነው።»

የአራት ዓመት ልምዷ ያለው እዚህች ውስጥ ነው። «የ4 ዓመት ልምድ ያለኝ ታታሪ ባለሙያ» ብላ ስትጽፍ ሰውየው ይህን ሊያምናትም ላያምናትም ይችላል። «እኛ የምንሸፍነው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ነው» ስትለው ግን ማመን አለማመን የሚባል ነገር አይነሳም፤ አልጋው አጠገብ ያልቆመ ሰው ይህን አይጽፍም። ተለይቶ የሚታወቅ ማስታወሻ ስል ይህን ማለቴ ነው። የሰውየውን ሥራ «አነበብኩ» ማለት አንድ እርምጃ ነው፤ ያነበቡት ነገር ከራስ ሥራ ጋር የት እንደሚገጥም በአንዲት ተጨባጭ ነገር ማሳየት ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው አንደኛው ላይ ይቆማል። የጽሑፉን ርዕስ ጠቅሶ «ድንቅ ነው» ይላል። ርዕስ መጥቀስ ደግሞ ሳያነቡም ይቻላል።

ልኩን ያለፈ ዝርዝርም አለ። የሰውየው ልጅ መመረቋን ከፌስቡክ አይቶ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ መጀመር፣ ወይም «ባለፈው ቅዳሜ ሆቴሉ በረንዳ ላይ አይቼዎት ነበር» ማለት ያስደነግጣል እንጂ አያቀራርብም። እኔ የምይዘው መስፈርት ቀላል ነው፦ ሰውየው ራሱ፣ በሥራው ስም፣ ሰው እንዲያነበው ብሎ ያወጣውን ብቻ መጥቀስ። ጽሑፉ፣ በአደባባይ የተናገረው ንግግር፣ ስሙ ያለበት የሥራ ውጤት። ከዚያ ውጭ ያለው የሱ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ «አንቺ ማነሽ» የሚለው ነው። ሥራዋ ከላይ ስለተጻፈ እዚህ የሚያስፈልገው ሥራዋን ከሱ ሥራ ጋር የሚያገናኝ ነገር ብቻ ነው። የጋራ የሚያውቁት ሰው ካለ ስሙን መጥራት ኃይል አለው፤ አገራችን ውስጥ ማን ልኮሽ መጣሽ መባል ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ አለ። ያ ሰው ስሙ እንደሚጠራ ማወቅና መፍቀድ አለበት፤ ሰውየው ደውሎ «ይህችን ልጅ ታውቃታለህ?» ቢለው «ማን?» ካለ ከነጭራሹ ባይጠራ ይሻል ነበር። ደግሞም ትውውቁ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ሊንክድኢን «የጋራ ወዳጅ» እያለ የሚያሳያቸው ሰዎች አንዳንዴ እኛም እሱም አይተናቸው የማናውቃቸው ናቸው።

«የአገር ልጅ ነኝ» የሚለውስ? ዋሽንግተን ወይም ቴላቪቭ ላለ አበሻ ሲጻፍ ብዙዎች የሚጀምሩት በዚህ ነው፤ «ወንድሜ» እና «እህቴ» ይከተላሉ። መጥፎ ነው አልልም። ነገር ግን ያ ሰው በየሳምንቱ ስንት «ወንድሜ» እንደሚደርሰው እናስብ። የአገር ልጅነት ከሌሎች ጋር የምንጋራው ነገር እንጂ እኛን የሚለየን ነገር አይደለም። ሰውየው ይርጋጨፌ ተወልዶ ሲያትል ቡና የሚያስገባ ከሆነና ልጅቷ ይርጋጨፌ ካለች፣ ያ ሌላ ነው፤ እዚያ ቦታው ራሱ ጉዳዩ ነው። ውጭ አገር ላለ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ የኛ 5 ሰዓት ለነሱ 11 መሆኑን አለመርሳት ነው። ለፈረንጅ «ከ5 ሰዓት እንሸፍናለን» ብሎ እንዳለ ተርጉሞ የላከ ሰው፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የሚሸፍን ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያቱ ነው፦ ለምን ጻፍሽ? እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጥናት አለ። በ1978 ኤለን ላንገር የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በኒውዮርክ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ያደረገችው ሙከራ ውጤት ታተመ። አንድ ሰው ማሽኑ ላይ ሊሠራ ሲል ሌላው መጥቶ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይጠይቃል። «አምስት ገጽ ነው፤ ልጠቀም?» ሲል 60 በመቶው ፈቀደ። «ስለቸኮልኩ» ብሎ ምክንያት ሲጨምር 94 በመቶው ፈቀደ። የሚያስገርመው ሦስተኛው ነው፦ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» ሲል 93 በመቶው ፈቀደ። ይህ ምክንያት አይደለም፤ ማሽኑ ጋ የቆመ ሁሉ ኮፒ ማድረግ አለበት። ሰዎች «ስላለብኝ» የምትለዋን ድምፅ ሰምተው ነው ያሳለፉት።

ጥናቱ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እዚህ ድረስ ነው። የቀረው ግን ለኛ ይበልጥ ይጠቅመናል። ገጹ 20 ሲሆን፣ ማለትም ልመናው ሲከብድ፣ ያለ ምክንያት የጠየቀውን 24 በመቶው አሳለፈ፤ ባዶ ምክንያት የሰጠውንም ያው 24 በመቶው፤ እውነተኛ ምክንያት የሰጠውን 42 በመቶው። ጥያቄው ሲከብድ ባዶ ምክንያት ዋጋው ዜሮ ሆነ።

«ኔትወርኬን ለማስፋት» የሚለው ልክ እንደ «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» ነው። የትውውቅ ጥያቄ የሚልክ ሰው ሁሉ ትውውቁን ለማስፋት ነው የሚልከው። ማንንም ለመቀበል ለማይሳሳ ሰው ይህ ጥያቄ አምስት ገጽ ነው፤ ያለ ማስታወሻም ይቀበላል። በየቀኑ ሥራ ፈላጊና ሻጭ ለሚጎተጉተው የጥራት ኃላፊ ግን 20 ገጽ ነው።

ልጅቷ ይህን ሰምታ «የሚጽፉትን መከታተል ስለምፈልግ» ብላ ጻፈች። ይህ ቢያንስ እውነት ነው። ችግሩ፣ ለመከታተል የሰውየው ፈቃድ አያስፈልግም፤ «Follow» የሚል ቁልፍ አለ፣ ተጭኖ መከታተል ነው። ሰውየው አንብቦ «ታዲያ ተከታተይ» ቢል ምን ትመልሳለች? መተዋወቅ ሁለት ሰው የሚፈልግ ነገር ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱም ሁለት ሰው የሚፈልግ መሆን አለበት። እሷ አልጋ ላይ የምታየውን እሱ ስኒ ላይ ይቀምሰዋል። እውነተኛው ምክንያት ይህ ነው። ብዙ ማብራራት ሳያስፈልግ «በዚህ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ለመተዋወቅ» ብትል፣ ከ5 ሰዓቱ ቀጥሎ ስለሚመጣ ትርጉም ይኖረዋል። ብቻውን ቢቆም ግን ባዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻው ያልቃል። ልመና የለም። «ሲቪዬን ልላክ?» የለም፣ «15 ደቂቃ ቢሰጡኝ» የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም፣ ሊንክ የለም። ጥያቄው ራሱ ልመና ነው፤ «ልተዋወቅዎ» ብሎ መጠየቅ ነው። ሌላ ሲደረብበት ሰውየው መቀበሉን እንደ ውል ፊርማ ያየዋል፦ ከተቀበልኩ ሲቪ ማየት አለብኝ፣ መልስ መስጠት አለብኝ። ያን ሸክም ላለመሸከም የሚቀለው ዝም ማለት ነው። የመጀመሪያው ሰውዬም ያደረገው ይህን ይመስለኛል።

እውነት የሚሸጥ ሰውስ ምን ያድርግ? ለማድረቂያ አልጋ የሚሆን መረብ የሚያቀርብ ነጋዴ አለ እንበል። የብዙዎቹ ስህተት «ልሸጥልዎ ብዬ አይደለም» ብሎ መጀመር ነው። ያልተጠየቀውን የሚክድ ሰው ምን እንደሚያስጠረጥር ሁላችንም እናውቃለን። ሌላው ስህተት ደግሞ ሻጭነቱን ደብቆ ገብቶ፣ ሰውየው በተቀበለ በደቂቃው የዋጋ ዝርዝር መላክ ነው፤ ይህኛው ይብሳል፤ ማስታወሻው ጥሩ በሆነ መጠን ማታለሉ ይከብዳል። የኔ አስተያየት በግማሽ ዐረፍተ ነገር «መረብ አቅራቢ ነኝ» ማለት፣ ከዚያ ስለ ጻፈው ነገር የሚያውቀውን አንድ ነገር መናገር፣ ዋጋም ዕድልም ሳያነሳ ማቆም ነው። ሻጭነት አያሳፍርም። የሚያስጠላው ሰውየውን እንደ ኪስ ማየቱ ነው። መናገር የሚችለው ስለ መረቡ ዋጋ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ የትውውቅ ጥያቄ መላኩ ይቅርበት፤ ለድርጅቱ ግዢ ክፍል በግልጽ ቢጽፍ ይሻላል።

ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሰርዛ፣ በሦስተኛው ይህን ጻፈች፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። የታጠበ ቡና ቀትር ላይ ስለመሸፈን የጻፉትን አነበብኩ። እኔም ይርጋጨፌ አካባቢ ባለ ማጠቢያ ጣቢያ የማድረቂያ አልጋ እቆጣጠራለሁ፤ እኛ የምንሸፍነው ከ5 ሰዓት ጀምሮ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ለመተዋወቅ ብዬ ነው የጻፍኩልዎ።»

ቆጠርነው። 165 ፊደል ነው። የድሮውንም ቆጠርነው፤ 168። ርዝመታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ያው የአንድ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ግን ስሙ ቢቀየር ለሌላ ሰው አይሆንም። ለባንክ ኃላፊ ብትልኩት ያበደ ይመስላል። ጥሩ ምልክት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ስለዚህ ጉዳይ የሚመክሩ ሰዎች «ስለ ራስህ አሳንስ፣ ስለ እሱ አብዛ» ይላሉ። ሁለቱን ማስታወሻዎች በዚህ ምክር ለመመዘን ሞከርኩ። በአማርኛ «እኔ» በግሡ ጅራት ውስጥ ስለሚደበቅ ግሦቹን ቆጠርኩ። በመጥፎው ማስታወሻ አብዛኛው ግሥ የእሷ ነው፤ «ነኝ»፣ «አድንቄዎታለሁ»፣ «አምናለሁ»፣ «እችላለሁ»። በጥሩውም አብዛኛው የእሷው ነው፤ «አነበብኩ»፣ «እቆጣጠራለሁ»፣ «የምንሸፍነው»፣ «የጻፍኩልዎ»። ምክሩ አልሠራም። ልዩነቱ ያለው ስሞቹ ላይ ነው። አንደኛው ዘርፍ፣ ልምድ፣ ኔትወርክ ይላል፤ ሌላው ቀትር፣ አልጋ፣ ማጠቢያ ጣቢያ፣ 5 ሰዓት። ሁለተኛዎቹ በእጅ ይነካሉ፤ ሰዓቱም ቢሆን በፀሐይ ይታወቃል።

የቀረው መላኩ ነው፤ እዚህም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልክ ላይ «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» ተብሎ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «Connect» የሚለውን ከነኩ ጥያቄው ያለ ማስታወሻ ወዲያው ሊሄድ ይችላል፤ ያንን ሁሉ ያሰቡበት 165 ፊደል ስልኩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ሰውየው ገጽ ገብቶ፣ ከዚያ «Add a note» የሚለውን መፈለግ ነው። ጽሑፉን አስቀድሞ ሌላ ቦታ ጽፎ መቅዳት ይመረጣል። ከዚህም ሌላ፣ ለማይከፍል ሰው ማስታወሻ ያለው ጥያቄ በወር የሚፈቀደው ጥቂት ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ይለዋወጣል፣ ግን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው። ለአብሮ አደግና ለቀድሞ የሥራ ባልደረባ ማስታወሻ ማባከን አያስፈልግም፤ እነሱ ስሙን አይተው ይቀበላሉ። ለማያውቁትም ሰው ቢሆን የሚናገሩት ተጨባጭ ነገር ከሌለ፣ ከመጥፎ ማስታወሻ ይልቅ ባዶ ጥያቄ ይሻላል ባይ ነኝ። ባዶ ጥያቄ ቢያንስ አይዋሽም።

ሰውየው በአራተኛው ቀን ተቀበላት። መልእክትም ጻፈላት፤ አጭር ነው፦ «ከ5 ሰዓት ስትሸፍኑ እስከ ስንት ሰዓት ታቆያላችሁ?» ልጅቷ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ሲቪውን ለመላክ እንደተዘጋጀ ያስታውቃል። «የጠየቀሽ ሌላ ነው» አልኳት። «እስከ 9፤ ደመና ካለ ግን ቀደም ብለን እንገልጣለን» ብላ መለሰችለት። እሱ ደግሞ ስለ ደመናው ጠየቃት። ሲቪው እስካሁን አልተላከም፤ መቼ እንደሚላክ እሷ ታውቃለች፣ ሥራ እንደምትፈልግም አትደብቀውም።

ለመጀመሪያው ሰውዬ የላከችውን ጥያቄ በዚያው ሰሞን በ«Withdraw» አነሳችው። ሊንክድኢን አንድን ጥያቄ ያነሳ ሰው ለዚያው ሰው እንደገና ለመላክ ሦስት ሳምንት እንዲጠብቅ ያደርጋል። እሷ እስከዚያ ሰውየው የጻፈውን እያነበበች ነው። ሦስቱ ሳምንት የፊታችን ማክሰኞ ይሞላል።